40 ጀልባና 20 ጀልባ እኩል 400 ኪሎ ዓሣ የሚያወጡት እንዴት ነው? (የጣና ስሌት)

ሰላማዊት_ጣና

ሰላም ለሁላችሁ። ከዓሣ አስጋሪ ማኅበራት ጋር ስለ ጀልባ ቁጥር ስንወያይ ሁሌም የምንቆምበት አንድ ቦታ አለ። አባላቱ እንዲህ ይላሉ፦ «ጀልባዬን አውጥቼ ወጪዬን ሸፍኜ ትርፍ እስካገኘሁ ድረስ ለምን ትከለክሉኛላችሁ? የማያዋጣው ራሱ ይተዋል።» አነጋገሩ ትክክል ይመስላል። «ሐይቁ ያልቃል፣ ለልጆቻችን እንጠብቅ» ብሎ መመለስ ደግሞ ማንንም አያሳምንም፤ ሃምሳ ጊዜ ሰምተውታል።

የምፈልገው በወረቀት ላይ በቁጥር የሚታይ ነገር ነው። እያንዳንዱ ለራሱ አስቦ ሲወስን ስንት ጀልባ ይወጣል? ሁሉም እንደ አንድ ሰው ቢወስኑስ ስንት? ልዩነቱ በብር ምን ያህል ነው? ካልኩለስ የሌለበት፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው የሚከተለው ቢሆን ጥሩ ነው።

---

ጉማራ

ሰላማዊት፣ የአባላቱ አነጋገር ግማሹ ትክክል ነው፤ የማያዋጣው እርግጥ ራሱ ይተዋል። ችግሩ ግን የሚተወው ለሁሉም ማዋጣቱ ካቆመ በኋላ መሆኑ ነው። በቁጥር ላሳይሽ። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለስሌት እንዲቀሉ ነው፤ የጣና ልኬት እንዳይመስሉሽ።

አንድ የባሕር ዳርቻ እንውሰድ። ማንም ባያሰግርበት ኖሮ መጀመሪያ የወጣው ጀልባ በቀን ወደ 30 ኪሎ ይይዝ ነበር። በቋሚነት የሚወጣ አንድ ጀልባ በተጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ጀልባ ድርሻ በግማሽ ኪሎ ይቀንሳል፤ በሐይቁ ውስጥ የሚቀረው ዓሣ ያንስና መረቡ ይሳሳል። አንድ ጀልባ ለአንድ ቀን ሲወጣ 1,000 ብር ይፈጃል እንበል። ነዳጁ፣ የመረቡ እርጅና፣ በረዶው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ሌላ ሥራ ቢሠሩ ያገኙት የነበረው የቀን ገቢ እዚህ ውስጥ አለ። ዓሣው በኪሎ 100 ብር ይሸጣል። ስለዚህ ወጪው 10 ኪሎ ዓሣ ነው ማለት ነው።

```
ጀልባ   የአንዱ ድርሻ   ጠቅላላ    ገቢ       ወጪ       ትርፍ
10     25 ኪሎ      250     25,000   10,000   15,000
20     20 ኪሎ      400     40,000   20,000   20,000
30     15 ኪሎ      450     45,000   30,000   15,000
40     10 ኪሎ      400     40,000   40,000        0
```

አሁን 20 ጀልባ እየወጣ ነው፤ እያንዳንዱም 20 ኪሎ ይይዛል። 21ኛው ሰው ልግባ ወይስ ልቅር ብሎ ያስባል። ከገባ ድርሻው 19.5 ኪሎ ነው፤ 1,950 ብር። ወጪው ሲቀነስ 950 ብር ንጹሕ ትርፍ በእጁ ይገባል። ይህን አይቶ የማይገባ ማን ነው?

ለመንደሩ ግን ምን ጨመረ? የ21 ጀልባ ጠቅላላ ምርት 409.5 ኪሎ ነው። ከ400 የተጨመረው 9.5 ኪሎ ብቻ ሲሆን ለዚያ የወጣው ወጪ ግን 10 ኪሎ ነው። ሰውዬው ከያዘው 19.5 ኪሎ ውስጥ 10 ኪሎው አዲስ ዓሣ አይደለም፤ ከሌሎቹ ሃያ ጀልባዎች እየተቆነጠረ የመጣ ነው፣ ከእያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎ። ግማሽ ኪሎ የጎደለበት ሰው ደግሞ አያስተውለውም፤ «ዛሬ ነፋስ ነበር» ብሎ ያልፈዋል።

22ኛውም፣ 30ኛውም፣ 39ኛውም ይህንኑ ያሰላሉ። የሚቆመው 40 ላይ ነው። እዚያ ላይ ሁሉም የሚያገኘው ወጪውን ብቻ ይሆናል። ከ20 ጀልባ ጋር ሲነጻጸር የሚወጣው ዓሣ ያው 400 ኪሎ ነው። የሚለየው በየቀኑ 20,000 ብር በነዳጅ፣ በመረብና በጉልበት ውኃ ላይ መፍሰሱ ነው። ካናዳዊው ኢኮኖሚስት ስኮት ጎርደን በ1954 ስለ ዓሣ ማስገር ያሳየው ነገር በመሠረቱ ይኸው ነው።

---

ደረጀ_ዓሣ_ነጋዴ

ስሌቱ ገብቶኛል፤ መልሱ ግን 20 ሊሆን አይችልም። ሰንጠረዡን ራስህ እየው፣ ትልቁ ምርት 450 ኪሎ ነው፣ 30 ጀልባ ላይ። ከተማው ዓሣ ይፈልጋል፣ ሰው ይበላል። ትክክለኛው ቁጥር ብዙ ዓሣ የሚገኝበት ነው። በየሥልጠናውም የሚነገረን «ዘላቂ ከፍተኛ ምርት» የሚባለው ይኸው ነው። 20 ላይ አቁሙ ማለት 50 ኪሎ ዓሣ ከገበያ መቀነስ ነው።

---

ጉማራ

ጋሽ ደረጀ፣ 30 ላይ ምርቱ ትልቅ መሆኑ እውነት ነው። ግን ከ20 ወደ 30 ሲኬድ የሚጨመረው 50 ኪሎ በስንት ተገኘ? አሥር ጀልባ ወጥቶ 10,000 ብር ፈጅቶ። አንዱ ኪሎ 200 ብር ወጥቶበታል፣ ገበያ ላይ ደግሞ በ100 ይሸጣል። እርስዎ በሱቅዎ በ200 ገዝተው በ100 የሚሸጡት ዕቃ አለ? ያ 10,000 ብርና ያ የሰው ጉልበት ሌላ ቦታ ቢውል የተሻለ ምግብ ያመጣል።

ሁለተኛው ነገር፣ 30 ላይ በውኃው ውስጥ የሚቀረው ዓሣ ማንም ካላሰገረበት ሐይቅ ግማሹ ነው (የአንዱ ድርሻ ከ30 ወደ 15 መውረዱ ያንን ይነግርዎታል)። 20 ላይ ሁለት ሦስተኛው ይቀራል። አንድ ዓመት ዝናቡ ቢያንስ ወይም ደለል የመራቢያ ቦታውን ቢሸፍን፣ 30 ላይ የቆመ ቀድሞ ይወድቃል።

---

መንዜው

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። የወል ግጦሽ ጉዳይ መስሎኝ ነበር የከፈትኩት፣ ዓሣ ሆኖ አገኘሁት። ግን ነገሩ አንድ ስለሆነ ልናገር።

መንዝ ውስጥ የጓሳን ሣር የሚያውቅ ያውቀዋል። መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ደጋ ነው። ጓሳው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለግጦሽ ያገለግላል። በድሮው ሥርዓት የመጠቀም መብት የነበራቸው የአስቦና የጌራ ዘሮች ነበሩ፣ አጽመ ርስት ነው። በየአጥቢያው የተመረጡ አለቆች ነበሩና ቦታውን ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጉታል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፣ ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ሐምሌ 5 እንደገና ይዘጋል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ አጽመ ርስቱ ቀረ፣ ሥርዓቱም አብሮ ቀረ፣ ቦታው ለሁሉም ክፍት ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጉማራ በሰንጠረዡ ጽፎታል።

ጥያቄዬ ይኸ ነው። በእኛ ቀበሌ ያለው ትንሽ የወል መስክ ነው። የጉማራን ቁጥር ወስጄ «ጀልባ» ባለበት «በሬ» ብዬ ልጻፈው? ይሠራል?

---

ጉማራ

በግማሹ ይሠራል። ሣሩ ለአንድ በሬ ሲያንስ ሌላውም ይከሳል፣ ስለዚህ ያቺ ግማሽ ኪሎ እዚያም አለች። የሚለየው ወጪው ላይ ነው። ጀልባ ቤት ስትውል ዋጋ የላትም። በሬ ግን ቢከሳም ያርሳል፣ ፋንድያው ማገዶና ማዳበሪያ ነው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ይሸጣል። ባለቤቱ «ይኸ በሬ ከመስኩ ምን ያህል ያገኛል?» ብሎ ብቻ አያሰላም። ስለዚህ ማዋጣት ያቆማል ከተባለበት ቁጥር አልፎም ሰው ከብት ያሰማራል። ለመስክ ስታሰላ በሬው ሳይግጥም የሚያስገኘውን ጥቅም ከወጪው ላይ ቀንስ፤ ያኔ የክፍቱ ቁጥር ከ40 በላይ ሆኖ ታገኘዋለህ።

የጓሳው ሥርዓት የሚገርመኝ የከብት ቁጥር ሳይቆጥር መሥራቱ ነው። ማን እንደሚገባና መቼ እንደሚገባ ብቻ ነበር የሚወስነው። ያንን መጠበቅ በሬ ከመቁጠር በጣም ይቀላል።

---

ሙሉ_ጎርጎራ

ጽሑፉን ሁሉ አነበብኩት። ስሌቱ ጥሩ ነው፤ ሐይቁ ላይ ግን ጀልባ ቆጥሮ የሚደረስበት ነገር የለም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ዓሣ የሚይዘው መረቡ ነው። ሃያ ጀልባ ብቻ ይውጣ ብላችሁ ብትወስኑ፣ አምስት መረብ ይጥል የነበረው ስምንት ይጥላል፣ ማታ ጥሎ ጧት ያነሣ የነበረው ቀኑንም ይተወዋል። ጥሩ መረብ የነበረው ቀጭኑን የፕላስቲክ ነጠላ ክር ይገዛል፤ ርካሽ ነው፣ ውኃ ውስጥ አይታይም፣ ከተቀደደም እዚያው ይጣላል። የተጣለው ደግሞ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙን አያቆምም። ስድስት ወር ሳይሞላ 20 ጀልባችሁ የ40ውን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ የሚቆጠረው የመረብ ርዝመት በሌሊት፣ የመረቡ ዓይን ስፋትና ዓይነቱ ነው። ጀልባ መቁጠር የሚቀለው ስለሚታይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ጣና ላይ ሦስት ዓይነት ዓሣ ነው ገበያ የሚወጣው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶው ሐይቁ ውስጥ ዳር ዳሩን ይራባል። ከነጭ ዓሣው ዝርያዎች ብዙዎቹ ግን ክረምት ሲገባ ከየቦታው ተሰብስበው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወንዞች ይወጣሉ። ነሐሴና መስከረም የወንዙ አፍ ላይ ይከማቻሉ። እዚያ መረብ የጣለ ሰው ሐይቁ ባዶ ሊሆን ሲቃረብም ጀልባው ሙሉ ይመጣል። የጉማራ ሰንጠረዥ «ዓሣ ሲያንስ ድርሻ ይቀንሳል፣ ሰውም ይተዋል» ይላል። የወንዝ አፍ ላይ ድርሻው አይቀንስም፤ አንድ ዓመት መጥቶ በአንድ ጊዜ እስኪቋረጥ ድረስ።

በ1986 በፈረንጆች ሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ወደ ጣና ከገባ በኋላ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው አሥር ዓመት ውስጥ ነጭ ዓሣው በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱ ተለክቷል። ቆሮሶው እንዲያ አልሆነም። ሐይቁ አንድ፣ ጀልባው አንድ፤ ልዩነቱ የተሰበሰበበት ቦታ ላይ መያዙ ነው።

---

አቤል_ቶሮንቶ

ሙሉ ያለው ነገር እዚህ ካናዳ በትልቁ ደርሷል። የኒውፋውንድላንድ ኮድ ዓሣ ቁጥሩ እየወረደ፣ የቀረው ዓሣ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስለነበር የትልልቆቹ መርከቦች የሰዓት ምርት ደህና ይመስል ነበር። ሐምሌ 1992 በፈረንጆች ማስገሩ ተዘጋ፤ ወደ 30,000 ሰው ሥራ አጣ። እስኪያገግም የተባለው ለሁለት ዓመት ነበር። አሥርት ዓመታት ፈጀ።

ለኔ መፍትሔው ግልጽ ነው። ባለቤት የሌለው ነገር ማንም አይጠብቀውም። ዳርቻውን ለአንድ ባለሀብት ስጡ። እሱ 21ኛውን ጀልባ አያወጣም፣ ግማሽ ኪሎዋ የምትቆነጠረው ከራሱ ኪስ ነውና። ሳይታዘዝ 20 ላይ ይቆማል።

---

ሙሉ_ጎርጎራ

አቤል ወንድሜ፣ ሃያ ሺህ ብሩ የማን ይሆናል ታዲያ? አርባው ጀልባ ላይ ሰማንያ ሰው አለ። ባለሀብቱ ሃያ ጀልባ ይዞ አርባ ሰው በቀን ሠራተኛ ዋጋ ይቀጥራል፣ አርባው ሰው ይበተናል፣ ትርፉን ጠቅልሎ ከተማ ይገነባበታል። የታንኳ ሰዎቹስ? ደንገል አስሮ ለቤቱ ቀለብ የሚያሰግር ሰው በየትኛው ጀልባ ተቆጠረ? እነዚያ ሌሊት መጥተው ሲያሰግሩበት ባለሀብቱ ዘበኛ ይቀጥራል፣ ከዚያ ጠብ ነው። በወረቀት ላይ 20 የምትለዋ ቁጥር ውኃ ላይ የዘበኛ ደመወዝ አለባት።

---

ሰላማዊት_ጣና

ሁለታችሁም የነካችሁት ነገር አለ። በተግባር የሚያጋጥመን ከሁለቱም መሐል ነው። እኛ ዳርቻ አራት ማኅበራት አሉ። ባለቤት የለውም ማለት አይቻልም፣ አንድ ባለቤትም የለውም። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ጀልባ ቁጥር ቢወስን ውጤቱ 40 ነው ወይስ 20?

ደግሞ ጉማራ፣ ከ40 ወደ 20 መውረጃው መንገድ ምንድን ነው? ክፍያ ይጣል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር።

---

ጉማራ

አራት ማኅበር ከሆነ 32 ይሆናል፣ በየማኅበሩ 8። አረጋግጪው። በ32 ጀልባ የአንዱ ድርሻ 14 ኪሎ ነው፤ የአንዱ ማኅበር 8 ጀልባ 112 ኪሎ ይይዛል። ዘጠነኛ ቢጨምር ድርሻው ወደ 13.5 ይወርድና 9 ጀልባ 121.5 ኪሎ ይይዛል። የጨመረው 9.5 ኪሎ ነው፣ ወጪው 10፤ ስለዚህ ይቆማል። ብቻውን የሚያስብ ሰው ቢሆን ግን 13.5 ኪሎ ለራሱ ይዞ 3.5 ኪሎ ያተርፋል፣ ስለዚህ ይገባል። ማኅበሩ የሚቆመው ከሚጎዱት ጀልባዎች ውስጥ ስምንቱ የራሱ ስለሆኑ ነው። የሌሎቹን ሦስት ማኅበራት 24 ጀልባ ጉዳት ግን አያየውም። ጠቅላላ ትርፍ በቀን 12,800 ብር። ከባዶው ይሻላል፣ ከ20,000ው ያንሳል። አራቱ በአንድ ደብተር ቢሠሩ ነው 20 የሚመጣው።

ክፍያውን በተመለከተ፦ በ20 ጀልባ የአንዱ ትርፍ 1,000 ብር ነው። በቀን ለአንድ መውጫ 1,000 ብር ብታስከፍሉ 21ኛው ሰው 950 አግኝቶ 1,000 ስለሚከፍል አይገባም። ስሌቱ ይዘጋል። ነገር ግን ሁለት ነገር አስተውሉ።

አንደኛ፣ 1,000 ከፍሎ የሚያሰግረው ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ወጪው ብቻ ነው፣ ልክ በ40 ጀልባው ጊዜ እንደነበረው። ትርፉ ሁሉ ክፍያውን የሰበሰበው ዘንድ ነው ያለው። ለአባላት ተመልሶ የማይከፋፈል ከሆነ አስጋሪው የሚያየው ግብር ብቻ ነው፣ አይደግፈውምም።

ሁለተኛና ዋናው፣ ሰንጠረዡ የሚያሳየው ሐይቁ ከተለማመደ በኋላ ያለውን ነው። ነገ ጧት 20 ጀልባ ብታስወጡ 20 ኪሎ አይይዙም። ውኃው ውስጥ ያለው ዓሣ የ40 ጀልባው ትራፊ ነውና እያንዳንዱ ያው 10 ኪሎ ይይዛል። ጠቅላላው 200 ኪሎ። ገበያው በግማሽ ይቀንሳል፣ የወጡት ትርፍ የላቸውም፣ ያልወጡትም የቀን ገቢ አጥተዋል። በዚያ ቀን 1,000 ብር ክፍያ ብትጨምሩበት የወጣው ሰው ከኪሱ 1,000 ብር ይከስራል። ብዙ የማኅበር ውሳኔ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ድርሻው ወደ 20 ኪሎ የሚወጣው ዓሣው እየተራባ ሲሄድ በዓመታት ነው። ክፍያው ከጥቂት መቶ ብር ጀምሮ፣ የተመዘነው ድርሻ ከፍ ባለ ቁጥር ከፍ ይበል። ጀልባውም በአንዴ ወደ 20 አይውረድ፤ 34፣ 28 እያለ ይውረድ።

ከክፍያ ይልቅ እኔ የምመርጠው ተራ ነው። አርባው ጀልባ አንድም ሳይባረር ሃያው ዛሬ ሃያው ነገ ይወጣል። ሐይቁ ሲያገግም እያንዳንዱ በሁለት ቀን አንዴ 20 ኪሎ ይይዛል፤ 1,000 ብር ትርፍ በሁለት ቀን፣ ማለትም በቀን 500። አሁን የሚያገኘው ዜሮ ነው። ሁለተኛውን ቀን ደግሞ ለእርሻው ወይም ለሌላ ሥራ ያውለዋል።

---

ሙሉ_ጎርጎራ

ተራው ጥሩ ነው፤ ግን ቤት የዋለው መረብ ይከራያል። ዛሬ ተራው ያልሆነው ሰው መረቡን ለባለ ተራው ይሰጥና ባለ ተራው እጥፍ ይጥላል፣ ወይም ሌላ ወረዳ ዳርቻ ሄዶ ይጥላል። ተራ የሚሠራው መረቡ በማኅበሩ መጋዘን የሚያድር ከሆነ ነው። የጀልባው ብድርም ተራ አይጠብቅም፤ ከ1,000ው ውስጥ በየወሩ የሚከፈለው ጀልባው ቢቆምም አይቀርም። ጉማራ ያንን አላሰበውም።

---

ጉማራ

ልክ ነህ፣ በሰንጠረዡ 1,000ው በሙሉ ሲወጣ ብቻ የሚወጣ ወጪ ነው። ብድር ካለ ከቀን 500ው ላይ ይቀነስ።

---

ደረጀ_ዓሣ_ነጋዴ

እኔ ግን አሁንም የምለው፣ የአስጋሪው ችግር ዋጋ ነው። ባለ ማቀዝቀዣ መኪና መጥቶ ዓሣው በቀጥታ አዲስ አበባ ቢገባ፣ በኪሎ 100 የነበረው 200 ቢሆን፣ ሁሉም ይጠቀማል። ያኔ ስለ ጀልባ ቁጥር የሚከራከር አይኖርም።

---

ጉማራ

ጋሽ ደረጀ፣ ይህችን በራስዎ እጅ ያስሏት። ዋጋው 200 ከሆነ 1,000 ብር ወጪ 5 ኪሎ ብቻ ነው። ክፍት በሆነ ውኃ ሰው የሚቆመው ድርሻው 5 ኪሎ ሲደርስ ነው፣ ያ ደግሞ 50 ጀልባ ነው። 50 በ5፣ ጠቅላላ 250 ኪሎ። ከ400 ወርዶ 250! ትርፍ ያው ዜሮ። መኪናዎ የሚጭነው ዓሣም ይጎድላል። ደንብ ባለበት ግን በዚያው ዋጋ የተሻለው ቁጥር 25 ጀልባ ነው፤ በየጀልባው 17.5፣ በጠቅላላ 437.5 ኪሎ። ጥሩ ዋጋ የሚጠቅመው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። መኪናው ከደንቡ ቀድሞ ከመጣ ጉዳት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የጾም ሰሞን የዓሣ ዋጋ እንደሚወጣ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ሙሉ የነገረንን ወር አስታውሱ፣ ነጭ ዓሣው ወንዝ አፍ ላይ የሚሰበሰበው መቼ ነው?

---

ደረጀ_ዓሣ_ነጋዴ

የ50ውን አስልቼ አየሁት። ይሁን። ግን ነሐሴ ላይ አትግዛ ብትሉኝ እኔ ባልገዛ ሌላው ይገዛል። እኔም 21ኛው ጀልባ ነኝ ማለት ነው።

---

መንዜው

ታዲያ ጓሳ ላይ እንደነበረው የወንዙን አፍ ዝጉታ! ዓሣ አትቁጠሩ፣ ጀልባም አትቁጠሩ፣ መረብም አትለኩ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከወንዙ አፍ ይህን ያህል ርቀት ማንም አይጥልም በሉ። የጣለ ከሩቅ ይታያል።

---

ሙሉ_ጎርጎራ

ይኸኛው ከሁሉም የሚቀርበኝ ነው። ሕጉም መሠረት ይሰጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ የሚያሰግር ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ ፈቃዱ ላይ «በዚህ ወቅት በዚህ ቦታ አይደለም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። የሚጎድለው ጠባቂ ነው። ወንዙ አፍ ላይ የሚያሰግረው ብዙ ጊዜ የማኅበር አባል አይደለም፤ ክረምት መሬቱ ውኃ የተኛበት ገበሬ ነው፣ ያኔ ሌላ ገቢ የለውም። ላይኛው ወንዝ ደግሞ በብርብራ ፍሬ ዓሣ የሚያደነዝዝ አለ። እነሱ ስብሰባ ላይ አልተጠሩም። አራቱ ማኅበራት ወንዙን ዘግተው ገበሬው ቢገባበት፣ አባላቱ በሚቀጥለው ዓመት «ለማን ነው የዘጋነው?» ብለው ይከፍቱታል።

---

ሰላማዊት_ጣና

ለሚቀጥለው ስብሰባ የ21ኛውን ጀልባ ስሌትና የ200 ኪሎውን የመጀመሪያ ዓመት አንድ ላይ ነው የማቀርበው። የመጀመሪያውን ብቻ ካቀረብኩ በሦስተኛው ወር ውሸታም ይሉኛል። የወንዙ አፍ የሚያዋስናቸው ቀበሌዎችም ይጠሩ ብያለሁ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ግማሽ ኪሎ የምትለዋን ቁጥር ለእኛ ዳርቻ ከየት አገኛታለሁ? ማራገፊያው ላይ ያለው መዝገብ የተሸጠውን ኪሎ ብቻ ነው የያዘው።

---

ሙሉ_ጎርጎራ

የተሸጠ ኪሎ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ማራገፊያው ላይ አንድ የሚጽፍ ሰው አስቀምጪና በየጀልባው አምስት ነገር ይመዝግብ፦ ስንት መረብ እንደጣለ፣ የእያንዳንዱ ርዝመትና የዓይኑ ስፋት፣ ስንት ሰዓት ውኃ ውስጥ እንደቆየ፣ የት እንደጣለ፣ ቆሮሶውን አምባዛውንና ነጭ ዓሣውን ለየብቻ መዝኖ። ቤት የተወሰደውንና ለሠራተኛ የተሰጠውንም ይጨምር፤ ብዙ ጊዜ እሱ አይጻፍም። ከዚያ ኪሎውን በመቶ ሜትር መረብ በሌሊት አካፍይው። የወንዝ አፉን ከሐይቁ መሐል ጋር አታደባልቂ፣ ለየብቻ አስቀምጪው። የዓሣውንም ርዝመት በየሳምንቱ ከሃምሳው ላይ ለኪ፤ ኪሎው ሳይወርድ ዓሣው እያጠረ ከሄደ ቀድሞ የሚነግርሽ እሱ ነው።

---

ጉማራ

በዚህ ላይ አንድ ብቻ ልጨምር። በአንድ ዓመት መዝገብ ግማሽ ኪሎዋ አትወጣም፣ የጀልባው ቁጥር ካልተለወጠ መስመሩን የሚያሰምር ነጥብ የለምና። የጎረቤት ዳርቻዎች የጀልባ ብዛታቸው ከእናንተ የተለየ ከሆነ እርስ በርስ አነጻጽሪያቸው። ግምት ነው፣ ዓሣው ከዳርቻ ዳርቻ ስለሚሄድም ያን ያህል አይታመንም። ግን ከምንም ይሻላል።